ዘዴው ሥነ ዘዴውን አይተካም፦ «ሁለቱ አንድ ናቸው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የምርምር ዘዴና ሜቶዶሎጂ አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ረጅም ስም ነው። አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተሠራ ነው እንጂ ተመራማሪው ስለ እውቀት ምንነት የሚያምነውን አይደለም። በቁጥር የሚሠራ ጥናት ደግሞ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ስሌቱ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ሁለቱን ለየብቻ ማብራራት ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው።»

የጽሑፉ አቅራቢ አራቱን ነጥቦች ሳያድበሰብሱ አስቀምጠዋል፤ እኔም በተቀመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ የቀሩት ሦስቱ የቆሙት በእሱ ላይ ስለሆነ እሱ ከተነሣ እነሱም የሚይዙት መሠረት አይኖራቸውም።

ስለ መጀመሪያው ነጥብ

አስቀድሜ የምስማማበትን ልናገር። በዕለታዊ አጠቃቀም ሁለቱ ቃላት ይቀላቀላሉ፤ አንድ ሥራ የተሠራባቸውን ዘዴዎች በጅምላ ሜቶዶሎጂ ብሎ መጥራትም በመዝገበ ቃላት ጭምር የሚገኝ አገባብ ነው። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ለምዕራፉ ርዕስ ከሁለቱ አንዱን ቃል መርጠው ሁለቱንም ነገር በዚያው ሥር ያስጽፋሉ። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው አንድ ቃል ሁለት ነገሮችን ስለሚጠራ ብቻ ሁለቱ ነገሮች አንድ ይሆናሉ በሚለው ድምዳሜ ነው።

የግሪክኛው «ሜቶዶስ» አንድን ነገር ለመድረስ ተከትለው የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ «ሎጎስ» ደግሞ ነገሩን በምክንያት የሚያስረዳ ንግግር ነው። ሜቶዶሎጂ ስለዚህ ስለ መንገዱ የሚሰጥ ምክንያት እንጂ መንገዱ ራሱ አይደለም። አማርኛችንም ይህን ልዩነት በ«ሥነ» አማካይነት አጥርቶ ይዞታል፤ ሥነ ሕይወት ሕይወት ራሷ እንዳልሆነች፣ ሥነ ፈለክም ፈለኩ ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ ሥነ ዘዴም ዘዴው ራሱ አይደለም። ከዚህ በኋላ ሜቶዶሎጂን ሥነ ዘዴ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ፈላስፋዋ ሳንድራ ሃርዲንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ጽሑፍ ሦስት ነገሮች ሲቀላቀሉ ክርክር እንደሚበላሽ አሳይታለች። ዘዴ ማስረጃ የሚሰበሰብበት ቴክኒክ ነው፤ ሥነ ዘዴ ምርምር እንዴት እንደሚካሄድና ሊካሄድ እንደሚገባው የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብና ትንታኔ ነው፤ ሦስተኛው፣ ኤፒስተሞሎጂ የሚባለው፣ እውቀት ምን እንደሆነና ማን ሊያውቅ እንደሚችል የሚጠይቅ ነው። ከዚህ ይበልጥ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አጠገቡ ያለው አስተያየቷ ነው። ማስረጃ የመሰብሰቢያ ቴክኒኮች ሁሉ በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ ትላለች፤ ሰዎችን ማዳመጥ ወይም መጠየቅ፣ ድርጊትን መመልከት፣ ካለፈ ጊዜ የተረፈ አሻራንና መዝገብን መመርመር። ይህ ከሆነ ተመራማሪዎች ከሚለያዩበት አብዛኛው የሚገኘው በዘዴዎቻቸው ዝርዝር ውስጥ አይደለም ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዘዴ ተጠቅመው ፈጽሞ የተለያየ ምርምር ሊሠሩ ይችላሉ።

ይህን በአንድ ምሳሌ ልከተለው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጀማሪ መምህራን በመጀመሪያው የሥራ ዓመታቸው ሙያውን ለመልቀቅ ወደ ማሰብ እንዴት እንደሚደርሱ ልታጠና ተነሣች እንበል። በሦስተኛው ምዕራፍ የሚከተለውን ጽፋለች፦ ከ15 ጀማሪ መምህራን ጋር ከፊል የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ተደርጓል፤ እያንዳንዱ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ወስዷል፤ ድምፁ ተቀድቶ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ተገልብጧል፤ ከአምስተኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ በመጠይቁ መምሪያ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ተለውጠዋል፤ ከዚያም ለጽሑፉ ቁራጮች ኮድ የሚባል መለያ ስም ተሰጥቶ ጭብጦች ተለይተዋል። እንደ ዘዴ ገለጻ ይህ መልካም ነው። ሐቀኛ ነው፣ ቁጥሮቹ ተሟልተዋል፣ ሌላ ሰው አንብቦ ምን እንደተሠራ በትክክል ሊረዳ ይችላል።

አሁን ፈታኙ በዚያ በመካከል ባለው ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቱን ያስቀምጣል። ጥያቄዎቹ ከአምስተኛው ሰው በኋላ መለወጣቸው ጥሩ ነው ወይስ ስሕተት? አንባቢው ከተጻፈው ውስጥ መልሱን ቢፈልግ አያገኘውም፤ ምክንያቱም መልሱ የሚገኘው በሥነ ዘዴው ነው፣ እሱ ደግሞ አልተጻፈም።

ተማሪዋ የተከተለችው ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡትን ግራውንድድ ቲዮሪ የሚባለውን ሥነ ዘዴ ከሆነ የጥያቄዎቹ መለወጥ ሥራውን በአግባቡ ለመሥራቷ ምስክር ነው። በዚህ ሥነ ዘዴ ንድፈ ሐሳቡ ከመረጃው ይወጣል እንጂ መረጃው ተዘጋጅቶ ለቆየ ንድፈ ሐሳብ አይቀርብም፤ ስለዚህ መሰብሰብና መተንተን ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት መምህራን ሥራው ስለ መብዛቱ ሳይሆን ክፍላቸው ገብቶ የሚያያቸው ሰው ስለ ማጣታቸው ደጋግመው ተናገሩ እንበል። ተመራማሪዋ ይህን «አለመታየት» ብላ ትሰይመዋለች፤ ቀጥላም ልምድ ያለው ባልደረባ የተመደበላቸውንና ያልተመደበላቸውን መምህራን ሆን ብላ ትፈልጋለች፤ ጥያቄዎቿንም ወደዚያ ታዞራለች። ቃለ መጠይቁ የሚቆመው አዲስ ሰው ስለ «አለመታየት» አዲስ ገጽታ መጨመር ሲያቆም ነው። እዚህ ላይ 15 አስቀድሞ የታቀደ ቁጥር ሳይሆን የተደረሰበት ቁጥር ነው።

ይህችው ተማሪ ፌኖሜኖሎጂን መርጣ ቢሆን ጥያቄዋ ሌላ ይሆናል። የመልቀቅ ሐሳብ እንዴት እንደሚያድግ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አትፈልግም፤ ከዚያ ሐሳብ ጋር በየማለዳው ወደ ክፍል መግባት ለገባበት ሰው ምን እንደሚመስል መግለጽ ትፈልጋለች። የፌኖሜኖሎጂ መሥራች የሆነው ፈላስፋ ኤድመንድ ሁሰርል እንዳስተማረው አስቀድሞ የያዘችውን ፍርድ ለጊዜው ወደ ጎን ለማድረግ ትጥራለች። መልቀቅ ፈጽሞ አስቦ የማያውቅ መምህርን ለማነጻጸሪያ መጨመር ቦታ የለውም፤ እሱ ገጠመኙ የለውምና። አሥራ አምስት ሰውም ምናልባት ይበዛባት ይሆናል፤ ስድስት ሰዎችን ሁለት ሁለት ጊዜ ማነጋገር የተሻለ ጥልቀት ሊሰጣት ይችላል። ከአምስተኛው ሰው በኋላ ሁሉንም ጥያቄ ብቅ ወዳለ አንድ ፅንሰ ሐሳብ ማዞር በዚህ ሥነ ዘዴ ዘንድ አጠራጣሪ ነው፤ የስድስተኛው ሰው ገጠመኝ ራሱን ሳይገልጽ በአምስቱ መነጽር ይታያልና።

ሦስተኛም መንገድ አለ። ተማሪዋ ከቀደሙ ጥናቶች የተወሰደ ማዕቀፍ ይዛ ተነሥታ ማዕቀፉ በእነዚህ መምህራን ላይ መሥራት አለመሥራቱን መፈተሽ ፈልጋ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዋና ዋና ጥያቄዎች መጠየቅ አለበት፤ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ አምስትና የመጨረሻዎቹ አሥር ሊነጻጸሩ አይችሉም። እዚህ ላይ በመካከል የተደረገው ለውጥ ግልጽ ስሕተት ነው።

እንግዲህ በጽሑፏ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር በአንደኛው ሥነ ዘዴ ግዴታ፣ በሁለተኛው አጠራጣሪ፣ በሦስተኛው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ዘዴው በሦስቱም ዘንድ ከፊል የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቢሆኑ ኖሮ ዘዴውን ያወቀ ሰው ፍርዱንም ባወቀ ነበር።

ከዚሁ ጋር ስለ ናሙና ብዛት አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ረገድ የሚፈጠረውን ጥፋት ደጋግሜ አይቻለሁ። 60 ቃለ መጠይቆችን መልሶ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የመረጃ ሙሌት፣ ማለትም አዲስ ቃለ መጠይቅ አዲስ ነገር የማይጨምርበት ደረጃ፣ በ12ኛው ቃለ መጠይቅ ገደማ እንደተደረሰ ዘግቧል። ከዚያ ወዲህ 12 የሚለው ቁጥር ከአውዱ ተነጥሎ በየመመረቂያ ጽሑፉ ይዞራል። ጥናቱ ግን ተጠያቂዎቹ በርከት ባሉ ነገሮች የሚመሳሰሉ መሆናቸውንና ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ መቅረቡን እንደ ሁኔታ ይዞ ነው የተናገረው። ጥያቄዋን በየመካከሉ የምትለውጥና ተቃራኒ ሰዎችን ሆን ብላ የምትፈልግ ተመራማሪ በዚያ ቁጥር ልትደገፍ አትችልም። ቁጥሩን መዋስ ዘዴን መዋስ ነው፤ ቁጥሩ የሚሠራበትን ምክንያት ግን ማንም ሊያውሳት አይችልም።

ስለ ሁለተኛው ነጥብ

አንባቢ ምን እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ዋና አንባቢ ፈታኙ ነው፤ እሱም የሚፈልገው የተሠራውን ሥራ ለመመዘን ነው። የተሠራውን ነገር ደግሞ የሚመዝነው ለምን እንደተሠራ ከተነገረው ጋር አስተያይቶ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈታኝነት የተቀመጥሁበት አንድ ጽሑፍ ትዝ ይለኛል። ጸሐፊው በምዕራፉ መግቢያ ትርጉም በተመራማሪውና በተጠያቂው መካከል በጋራ የሚፈጠር እንጂ ተደብቆ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። ሦስት ገጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሁለት ሰዎች ኮዱን ለየብቻ እንደሰጡና የስምምነታቸው ካፓ 0.60 እንደሆነ፣ ይህም ለውጤቱ አስተማማኝነት ማስረጃ እንደሆነ ይናገራል።

ካፓ ምን እንደሚለካ እንመልከት። ሁለት ሰዎች 100 የጽሑፍ ቁራጮችን አንብበው እያንዳንዱ ቁራጭ «አለመታየት» የሚለው ኮድ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብለው ወሰኑ እንበል። በ40ው ላይ ሁለቱም ይገባዋል፣ በሌሎች 40 ላይ ሁለቱም አይገባውም አሉ፤ በ20ው ላይ ግን ተለያዩ፤ አሥሩን አንዱ፣ አሥሩን ሌላው ይገባዋል አለ። የተስማሙት በ0.80 ነው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ግማሹን ቁራጭ ይገባዋል ስላሉ በአጋጣሚ ብቻ እንኳ በ0.50 ሊስማሙ ይችሉ ነበር። ካፓ ይህን የአጋጣሚ ድርሻ ቀንሶ የተረፈውን ይለካል፦

```
κ = (0.80 − 0.50) / (1 − 0.50) = 0.60
```

ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ መለኪያ ትርጉም የሚኖረው ኮዱ በጽሑፉ ውስጥ ያለና ሁለት ሰዎች ተለያይተው ቢፈልጉት ሁለቱም ሊያገኙት የሚገባ ነገር ነው ብለን ካመንን ነው። ጸሐፊው ግን በመግቢያው ላይ የካደው በትክክል ይህንኑ ነው። ትርጉም በጋራ የሚፈጠር ከሆነ ሁለት የተለያየ ሕይወት ያላቸው አንባቢዎች መለያየታቸው የሚጠበቅ ነው እንጂ ከ1 ላይ የሚቀነስ ጉድለት አይደለም። የጭብጥ ትንተናን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ያስፋፉት ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ ራሳቸው በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች እነሱ በሚከተሉት የጭብጥ ትንተና ዓይነት የኮድ ሰጪዎች ስምምነት መለኪያ ቦታ እንደሌለው አስረድተዋል። ኮዱን አስቀድሞ በተዘጋጀ መዝገብ የሚሰጡ ሌሎች ዓይነቶች ግን ይጠቀሙበታል፤ ለእነሱ ተገቢ ነው።

ተፈታኙን ለምን ሁለቱን እንዳጣመረ ስንጠይቀው መልስ አልነበረውም። አንዱን አንቀጽ ከአንድ ሞዴል ጽሑፍ፣ ሌላውን ከሌላ ወስዶ ነበር። ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም፤ ቃለ መጠይቆቹ እጅግ ጥሩ ነበሩ። ያጣው ነገር ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ እንዲመልስ የጠየቀው ሰው ነበር፤ ያን ቢጠየቅ ኖሮ ቅራኔውን ከእኛ በፊት ራሱ ባየው ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ለማግኘት ቀላል መንገድ አለ። በዘዴው ክፍል ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ያዙና «ይህ እርምጃ ትርጉም እንዲኖረው ስለ መረጃው ምን መታመን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሶቹ አንድ ላይ መቆም ካልቻሉ ጽሑፉ ሥነ ዘዴ የለውም ወይም ሁለት የሚጋጩ ሥነ ዘዴዎች አሉት።

አቅራቢውን በአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ። ብዙ ጽሑፎች ሥነ ዘዴ እያሉ የፖዚቲቪዝምን፣ የኢንተርፕረቲቪዝምንና የፕራግማቲዝምን ፍቺ ለሁለት ገጽ ያህል ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጠው፣ ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ሳይመለሱባቸው ይዘጋሉ። አንባቢ ይህን ቢዘልለው የሚያጎድልበት የለም፤ ምናልባት አቅራቢው የተማረሩበትም ይኸው ሊሆን ይችላል። ግን የዚህ መድኃኒቱ ሥነ ዘዴን መተው አይደለም። ያ ሁለት ገጽ ሥነ ዘዴ አልነበረምና። አንድን የሥነ ዘዴ አንቀጽ ወስዳችሁ በሌላ ርዕስ ላይ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ብትተክሉት ቃል ሳትለውጡ ከገጠመ፣ ስለዚህ ጥናት የሚናገረው ነገር የለውም።

ስለ ሦስተኛው ነጥብ

በቁጥር የሚሠራ ጥናት ሥነ ዘዴውን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ በዚያ መስክ ያሉ ሰዎች ሁሉ ስለሚጋሩት ነው። በቤተ ሙከራ ሳይንስ የመጽሔት ጽሑፎች ውስጥ «ዘዴዎች» የሚል ክፍል ብቻ የሚታየውም ለዚህ ነው፤ ምክንያቱ የለም ሳይሆን በአንባቢዎቹ ዘንድ ታውቆ ያደረ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አቅራቢ ግን የሚፈተነው ያን የታወቀ የሚባለውን ነገር ራሱ ማወቁን ለማረጋገጥ ነው።

ምሳሌያችንን ወደ ቁጥር እንውሰደው። ሌላ ተማሪ ለ300 ጀማሪ መምህራን አንድ የጽሑፍ መጠይቅ አንድ ጊዜ በተነ፤ የሥራ እርካታቸውንና የመልቀቅ ሐሳባቸውን በአምስት ደረጃ መልስ ለካ፤ በሁለቱ መካከል −0.45 የሆነ ተዛምዶ አገኘ። በድምዳሜው «እርካታን ማሳደግ የመልቀቅ ሐሳብን ይቀንሳል» ብሎ ጻፈ። ስሌቱ ይህን ይላል? ስሌቱ የሚለው ሁለቱ መልሶች በተቃራኒ አቅጣጫ አብረው ይሄዳሉ፣ ከአንደኛው ልዩነት ውስጥም 20 በመቶ ገደማው ከሌላው ጋር የሚጋራ ነው ብቻ ነው። ለመልቀቅ የወሰነ ሰው በኋላ ሥራውን መጥላት ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ሦስተኛ ነገር፣ ለምሳሌ የርእሰ መምህሩ አያያዝ፣ ሁለቱንም አምጥቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ የተወሰደ የዳሰሳ ጥናት እነዚህን ሦስቱን ሊለያያቸው አይችልም። «መቀነስ» የሚለውን ግሥ ለመጻፍ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው የጥናቱ ንድፍ ምን ዓይነት ድምዳሜ ሊሸከም እንደሚችል የሚናገረው ክርክር ነው፤ እሱም ሥነ ዘዴ ነው።

ሌላም አለ። ይኸው ተማሪ በመጠይቁ ውስጥ ካሉት ጉዳዮች 20 ግንኙነቶችን ፈትሾ የፒ ዋጋው፣ ማለትም ግንኙነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ፣ ከ0.05 በታች የወጣውን አንዱን ብቻ ዘገበ እንበል። በእውነቱ አንዱም ግንኙነት ባይኖርና ፍተሻዎቹ አንዱ በሌላው የማይወሰኑ ቢሆኑ እንኳ ከ20ው ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ከ0.05 በታች የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አንባቢው መላምቱ ከመረጃው በፊት የተቀመጠ ነው ወይስ መረጃው ከታየ በኋላ የተገኘ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሁለቱም ሊሠራ የሚገባው ምርምር ነው፤ የመጀመሪያው መላምትን ይፈትናል፣ ሁለተኛው መላምትን ይፈልጋል። በዘዴው ክፍል ሁለቱም «የተዛምዶ ትንተና ተደርጓል» ተብለው ይጻፋሉ፤ በዚያ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚለያቸው የለም።

ስለ አራተኛው ነጥብ

ድግግሞሽ የሚመጣው ሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሲይዙ ነው። እኔ የማማክራቸው ተማሪዎች እንዲለዩበት የምሰጣቸው መስፈርት አንድ ነው። ሌላ ሰው አንብቦ ሊደግመው የሚችለው ዐረፍተ ነገር የዘዴ ነው፤ ሌላ ሰው አንብቦ ሊከራከርበት የሚችለው ዐረፍተ ነገር የሥነ ዘዴ ነው። «ቃለ መጠይቆቹ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ወስደዋል» በሚለው ላይ የሚከራከር የለም፤ ወይ ወስደዋል ወይ አልወሰዱም። «የመልቀቅ ሐሳብ በአንድ ቅጽበት የሚወሰን ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚገነባ ሂደት በመሆኑ፣ ሂደትን ለማስረዳት የተቀረጸ ሥነ ዘዴ ያስፈልጋል» የሚለውን ግን ሌላ ተመራማሪ አይደለም ሊል ይችላል፤ ጸሐፊዋም የምትመልስለት ነገር ሊኖራት ይገባል።

የመጀመሪያዋ ተማሪ ግራውንድድ ቲዮሪን መርጣ ቢሆን ሁለቱን እንዲህ ልትጽፋቸው ትችላለች። በሥነ ዘዴው ክፍል፦ «ቀደም ያሉ ጥናቶች የመልቀቅን ምክንያቶች ይዘረዝራሉ፤ አንዱ ምክንያት ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያመራ ግን አያስረዱም። ይህ ጥናት የሚፈልገው ያን ሂደት ስለሆነ ግራውንድድ ቲዮሪ ተመርጧል። ፌኖሜኖሎጂ የገጠመኙን ምንነት በጥልቀት ሊገልጽ ቢችልም በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ሽግግር ማስረዳት ዓላማው አይደለም። በዚህ ምርጫ ምክንያት ናሙናውም ጥያቄዎቹም አስቀድመው ሙሉ በሙሉ ሊወሰኑ አይችሉም።» በዘዴው ክፍል ደግሞ፦ «የመጀመሪያዎቹ አምስት ቃለ መጠይቆች ተገልብጠው ኮድ ከተሰጣቸው በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ተለውጠዋል፤ የተለወጡት ጥያቄዎች ከነቀድሞ ይዘታቸው በአባሪ ቀርበዋል። ከዚያ በኋላ ልምድ ያለው ባልደረባ የተመደበላቸው አምስትና ያልተመደበላቸው አምስት መምህራን ተመርጠዋል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቃለ መጠይቆች ስለ ዋናው ምድብ አዲስ ገጽታ ስላልተገኘ መሰብሰቡ ቆሟል።»

ሁለቱን አንቀጾች አንብቡ፤ አንድም የተደገመ ነገር የለም። የመጀመሪያው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ለሁለተኛው በር ይከፍታል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው የሰጠው ፈቃድ በተግባር እንዴት እንደዋለ ያሳያል። በመጀመሪያው ክፍል ያልተመረጠው ሥነ ዘዴም ስሙ መጠራቱን ልብ በሉ። ለምን እንዳልተመረጠ የተነገረለት አማራጭ ሳይኖር የሚቀርብ ምርጫ አንባቢውን ሊያሳምን አይችልም፤ ከምን ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራልና።

ለየብቻ ስል ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ማለቴ አይደለም። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ንዑስ ርዕሶች ይበቃሉ፤ ሥነ ዘዴው ቀድሞ፣ ዘዴው ተከትሎ። አጭር የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ከሆነ ሥነ ዘዴው አንድ አንቀጽ ሊሆን ይችላል። የተቋሙ መመሪያ ለምዕራፉ አንድ ርዕስ ብቻ ከፈቀደም በርዕሱ መጣላት አያስፈልግም፤ ንዑስ ርዕሶቹ ሥራውን ይሠራሉ።

አንድ ቦታ ላይ ግን መለየቱ ከአንቀጽ አልፎ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ መከተል አለበት፤ እሱም የጥናቱ ውስንነቶች የሚጻፉበት ክፍል ነው። ሁለት ተጠያቂዎች ድምፃቸው እንዲቀዳ ባለመፍቀዳቸው በማስታወሻ ብቻ መያዛቸው የዘዴ ውስንነት ነው፤ ጊዜና ዕድል ቢኖር ሊስተካከል ይችል ነበር። የተገኘው ንድፈ ሐሳብ ከጀማሪ መምህራን ውስጥ ምን ያህሉ የመልቀቅ ሐሳብ እንዳላቸው መናገር አለመቻሉ ግን የሥነ ዘዴ ወሰን ነው፤ ቃለ መጠይቁ 15 መሆኑ ቀርቶ 150 ቢደረግ እንኳ አይለወጥም፤ ሰዎቹ የተመረጡት ብዛትን ለመገመት በሚያስችል መንገድ አይደለምና። ሁለቱን ያልለየ ተማሪ ሁለቱንም «ናሙናው አነስተኛ ነው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይደመድማል፤ ቀጣይ ተመራማሪዎችም «በሰፊ ናሙና» እንዲደግሙት ይመክራል። ምክሩን ተቀብሎ 150 ሰው የሚያነጋግር ተመራማሪ ይህን ሁሉ ደክሞ ምን ያህል ለሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም።